«ገንዘብሽ ተገኝቷል፤ ለመውሰድ ግን መጀመሪያ ክፈይ»

ጥያቄ

ውድ አማካሪያችን፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከሦስት ወር በፊት በቴሌግራም «የኦንላይን ሥራ» ብለው ያገኙኝ ሰዎች 186,000 ብር በሉኝ። 120,000ው የደረሰኝ ዕቁብ ነበር፤ ሳምንታዊውን 3,000 ብር ገና ለ31 ሳምንት እከፍላለሁ። የቀረው ለልጃችን ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የሳይበር ባለሙያ እንደሆነና ከኢንተርፖል ጋር እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው ጻፈልኝ። የተበላሁትን ብር ልክ ሳልነግረው አወቀው። ገንዘቤ ወደ ዲጂታል ዶላር ተቀይሮ እንደተገኘ ነግሮኝ፣ በላከልኝ ድረ ገጽ ላይ በስሜ 186,000 ብር ተቀምጦ አየሁ። ለመዝገብ መክፈቻ 4,500 ብር ከፈልኩ፤ የመታወቂያዬን ፎቶም ላክሁለት። አሁን ደግሞ 12 በመቶ፣ ማለትም 22,320 ብር፣ እስከ ዓርብ ካላስገባሁ መዝገቡ ይዘጋል እያለኝ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልታበድረኝ ተስማምታለች። ልክፈል? ወይስ የመጨረሻ ዕድሌን በገዛ እጄ መግፋቴ ይሆን?

ሰ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ ሰ.፣ ዓርብ ሳይደርስ እንድታነቢው ስል ደብዳቤሽን ከተራው አስቀድሜዋለሁ። አትክፈይ። ባልደረባሽንም ብድሩን እንድታቆየው ዛሬውኑ ንገሪያት። ይህ ሰው ገንዘብሽን አላገኘውም። ሥራው የተበላ ሰው ፈልጎ ሁለተኛ ጊዜ መብላት ነው፤ እንዲህ ያለው ማጭበርበር በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፣ አካሄዱም ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። ይህን ማንበብ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ከሦስት ወር ጨለማ በኋላ የመጣ ብቸኛ ተስፋ ነውና። ስለዚህ «አትክፈይ» ብቻ ብዬ አልተውሽም፤ እንዴት እንዳወቅሁ ላሳይሽ።

ከሁሉ በላይ ልብሽን የገዛው ነገር ብሩን ልክ ማወቁ ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከተበላሽ በኋላ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የተሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ገብተሽ ነበር? ምን ያህል እንደተወሰደብሽ እዚያ ጽፈሽ ይሆን? ብዙ ሰው ይጽፋል፤ ሰው ሲቃጠል የሱን ዓይነት ጉዳት ለደረሰበት መተንፈስ ተፈጥሯዊ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቡድኖቹ ውስጥ ተቀምጠው ማን ስንት እንደተበላ እየለቀሙ ይመዘግባሉ። ምንም ካልጻፍሽ የሚቀረው መንገድ ከዚህ የባሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ አጭበርባሪዎች የበሏቸውን ሰዎች ዝርዝር፣ ከስልክ ቁጥርና ከብር መጠን ጋር፣ ለሌላ ይሸጣሉ፤ ወይም ስም ቀይረው ራሳቸው ይመለሳሉ። በሁለቱም መንገድ ልኩን ማወቁ የሚያሳየው መረጃው ከወንጀሉ ወይም ከተጎጂዎቹ ዘንድ እንደደረሰው ብቻ ነው። ገንዘቡ ያለበትን ማወቁን አያሳይም።

ድረ ገጹ ላይ ያየሽው 186,000ም እንዲሁ ነው። ገጹን የሠራው ሰው የፈለገውን ቁጥር ይጽፍበታል፤ ነገ 300,000 ቢያደርገው የሚከለክለው የለም። የባንክ ሂሳብሽን ስታይ ከቁጥሩ ጀርባ በሕግ የሚጠየቅ ባንክ አለ። ከዚህኛው ጀርባ ማን አለ? መጀመሪያ የበሉሽ ሰዎችም እንዲህ ያለ ገጽ ላይ «ትርፍሽ ይህን ያህል ደርሷል» እያሉ ቁጥር ሲያሳድጉልሽ አልነበር? መለስ ብለሽ ሁለቱን ገጾች አስተያያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙያሽ ሂሳብ ስለሆነ ከእኔ በተሻለ ትረጂዋለሽ። መሥሪያ ቤታችሁ ለአቅራቢ ክፍያ ሲፈጽም ተቀናሽ ግብሩን ምን ታደርጉታላችሁ? ከሚከፈለው ላይ ቀንሳችሁ የቀረውን ትሰጡታላችሁ። «መጀመሪያ ግብሩን ከኪስህ አምጣ፣ ከዚያ ሙሉውን እንከፍልሃለን» ያላችሁት አቅራቢ አለ? ይህ ሰውም 186,000 ብር በእጁ ካለ 22,320ውን ቀንሶ 163,680 ብር ሊልክልሽ ይችላል። ሁለታችሁም የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ፤ ዓርብ የሚባል ቀነ ገደብም አያስፈልግም። እንዲህ ብትይው የሚመልስልሽን ከወዲሁ እነግርሻለሁ፦ «ገንዘቡ ተቆልፏል፤ ከውስጡ መቁረጥ አይቻልም፤ ሲስተሙ አይፈቅድም»። ይህን ሰበብ የሚፈጥረው የሚቀነስለት ገንዘብ ስለሌለው ነው። በጠቅላላው በእጁ ያለው ብር አንቺ የላክሽው 4,500 ብቻ ነው።

በአሜሪካ ይህ ማጭበርበር ከመስፋፋቱ የተነሳ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በስልክ ለሚሸጡ አገልግሎቶች ባወጣው ደንብ፣ የጠፋ ገንዘብ አስመልሳለሁ የሚል ሰው ገንዘቡ ለባለቤቱ ከደረሰ በኋላ ሰባት የሥራ ቀናት ካላለፉ በስተቀር ክፍያ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። የኛ አገር ሕግ አይደለም፤ ግን ቅድሚያ ክፍያው ራሱ የበሽታው ምልክት እንደሆነ ሌሎችም ከልምድ ማወቃቸውን ያሳይሻል።

ስለ ዲጂታል ዶላሩ የነገረሽ እውነት የሚመስለው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ከተጎጂዎች የሚሰበሰብ ብር ብዙ ጊዜ ዩኤስዲቲ ወደሚባለው ዲጂታል ዶላር ቶሎ ተቀይሮ ከአገር ይወጣል፤ ዝውውሩም በይፋ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ማንም ሰው ከአድራሻ ወደ አድራሻ ሲሄድ ሊያየው ይችላል። ማየት ግን መመለስ አይደለም። አንድ ጊዜ የተላከ ዩኤስዲቲ የሚንቀሳቀሰው የአድራሻውን ምስጢራዊ ቁልፍ በያዘው ሰው ነው። ከዚያ ውጪ አንድን አድራሻ ማገድ የሚችለው ሳንቲሙን ያወጣው ኩባንያ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚያግደው የሕግ አስከባሪ አካል ሲጠይቀው ነው። «ሰብሬ ገብቼ አወጣልሻለሁ» የሚል ግለሰብ በዚህ መካከል ቦታ የለውም። ኢንተርፖልም ቢሆን የሚሠራው ከአገራት ፖሊስ ጋር ነው። ለግለሰብ በቴሌግራም ጽፎ ክፍያ አይጠይቅም፤ በስሙ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች ግን ብዙ ናቸው።

22,320ውን ብትከፍዪ ምን ይከተል ነበር? ይህንንም ልንገርሽ፤ ምናልባት አንድ ሁለቱን ከወዲሁ ፍንጭ ሰጥቶሽ ይሆናል። መጀመሪያ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጸድቋል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይመጣል። ቀጥሎ የግብር ክፍያ፣ ከዚያ ገንዘቡ ሕገወጥ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ «ሰርተፊኬት»፣ ከዚያ የማስተላለፊያ ክፍያ ይጠየቃል። አንዳንዶቹ እምነት ለማጽናት ሁለት ሦስት ሺህ ብር «የመጀመሪያ ዙር» ብለው ይልካሉ፤ ከሌላ ተጎጂ የተቀበሉትን። እያንዳንዱ ክፍያ ከ186,000ው አንጻር ትንሽ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «ይህችን ብቻ» እንድትዪ። መክፈል ስታቆሚ ደግሞ ድምፁ ይቀየራል፦ መዝገብሽ በሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ለፖሊስ ሊተላለፍ ነው፣ ለባለቤትሽ እንነግራለን ይላሉ። ይህ ማስፈራሪያ ከመጣ አትደንግጪ፤ ሊከስሽ የሚችልበት አንድም ነገር የለውም፣ ፖሊስ ፊት መቅረብን የሚፈራውም እሱ ነው። በዕቁብሽ ደግሞ ለኪው፤ 22,320 ብር ከሰባት ሳምንት በላይ የሚሆን መዋጮሽ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለውና በዚሁ ተራ እንዲሆን እለምንሻለሁ።

ለሰውየው «ነቅቼብሃለሁ» አትበዪው፤ አትሳደቢ፤ ገና አታግጂውም። ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ንግግርን አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያረጀ መልእክትም ቢሆን። እንደነቃሽ ባወቀ ደቂቃ ማስረጃሽ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሺ፤ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩ ከታየ እሱን፣ የድረ ገጹን ሙሉ አድራሻ፣ ክፍያ የጠየቀበትን መልእክት ከነቀኑ ያዢ። የቢሮ ኮምፒውተርሽ ላይ የቴሌግራም ፕሮግራም ካለ Export chat history በሚለው ሙሉውን ንግግር በአንድ ጊዜ ማውረድ ትችያለሽ። ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጋር የተጻጻፍሽው ካልጠፋም እንዲሁ አድርጊ። ምስሎቹን ስልክሽ ላይ ብቻ አትተያቸው፤ ወደ ኢሜይልሽም ላኪያቸው።

ከዚያ ወደ ባንክሽ ሂጂ፤ የምትነሺው ግን ከ4,500ው ነው። ትንሹን ብር ማስቀደሜ ሊገርምሽ ይችላል። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ከሦስት ወር በፊት የላክሽው ብር ሂሳቡ ላይ ያደረው ምናልባት ለሰዓታት ብቻ ነው። 4,500ው ግን ገና የሳምንት ዕድሜ ነው ያለው፤ የተላከበት ሂሳብም ዛሬም ከሌሎች ተጎጂዎች ገንዘብ እየተቀበለ ሊሆን ይችላል። የቅርንጫፉ ኃላፊ ዘንድ ግቢና የዝውውሩን ቀን፣ የማመሳከሪያ ቁጥር፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር ይዘሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ያመለከትሽበትን ቅጂ ማኅተም አስመትተሽ ተቀበዪ። የላክሽው በቴሌብር ከሆነም በዚያው በኩል እንዲሁ ነው። ባንኩ በአንቺ ቃል ብቻ ከሌላ ሰው ሂሳብ ብር አንስቶ አይመልስልሽም፤ የሂሳቡንም ዝርዝር አይነግርሽም። ይህ ቅር እንዳያሰኝሽ፤ በራስሽ ፈቃድ የላክሽው ስለሆነ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ጥያቄ ያስፈልገዋል። ማመልከቻሽ ግን ሂሳቡ እንዲጠረጠርና እንዲታይ በር ይከፍታል፤ ለፖሊስም ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታጣሪ እፈልጋለሁ። 186,000ውን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የላክሽው አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው «ሥራ» ብዙ ጊዜ በትንንሹ ለተለያዩ ግለሰቦች ሂሳብ ነው የሚያስልከው። የሁሉንም ደረሰኞች አውጪና በሥራሽ እንደምታደርጊው በአንድ ሠንጠረዥ ዘርዝሪያቸው፦ ቀን፣ መጠን፣ የተቀባይ ስም፣ ባንክ፣ ሂሳብ ቁጥር፣ የማመሳከሪያ ቁጥር። መጨረሻ ላይ 4,500ውን ጨምሪ። ከዚያ የተቀባዮቹን ስም አስተያዪ። «ባለሙያው» ያስላከሽ ሂሳብ ከመጀመሪያዎቹ በአንዱ ስም ከተገኘ፣ ሁለቱ ማጭበርበሮች አንድ እጅ እንደሆኑ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ያዝሽ ማለት ነው። ባይገጥምም ሠንጠረዡ ለመርማሪው ብዙ ሥራ ያቀልለታል። ሂሳቡን ለአጭበርባሪዎቹ ያከራየው ሰው ዋናው አጭበርባሪ ላይሆን ይችላል። ሆኖም መታወቂያ አቅርቦ ሂሳቡን የከፈተ፣ በስም የሚታወቅ ሰው ነው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ በእጅ ሊያዝ የሚችለው ጫፍም እሱ ነው።

ይህን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂና ሁለቱንም፣ የፊተኛውንም የኋለኛውንም፣ አመልክቺ። ማታለል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የተደነገገ ወንጀል ነው፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸመውን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል። አንቀጽ መጥቀስ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ «እኔው ፈቅጄ ነው የላክሁት፣ ምን ብዬ እከሳለሁ» ብለሽ እንዳትቀሪ ነው የምነግርሽ። ፖሊስ ለማመልከቻሽም ለምርመራውም ክፍያ አይጠይቅሽም። የመዝገብ ቁጥሩን ተቀብለሽ ያዢ፤ ባንኩ ዘንድ ስትመለሺ ያስፈልግሻል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 186,000ው ይመለሳል ብዬ ተስፋ ብሰጥሽ እኔም ከዚያ ሰው አልሻልም። ከሦስት ወር በኋላ አብዛኛው የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሂሳቡ ላይ የቀረ ነገር ካለ ወይም ባለሂሳቡ ተይዞ እንዲከፍል ከተወሰነበት የተወሰነው ሊገኝ ይችላል፤ ያም ወራት ይፈጃል። ጠበቃ ለማማከር ብትፈልጊ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ብዙ ቢሮዎች አሉ። ጠበቃም ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላልና ልዩነቱን እወቂው፦ ፈቃዱን ያሳይሻል፣ ቢሮው ገብተሽ ፊቱን ታያለሽ፣ በጽሑፍ ውል ትገባላችሁ፣ ደረሰኝ ይሰጥሻል፣ «መቶ በመቶ አስመልሳለሁ» አይልሽም።

የመታወቂያሽን ፎቶ መላክሽንም ለባንኩ አሳውቂ፤ በስምሽ ሂሳብ ወይም ሲም ካርድ ለማውጣት ሊሞከር ስለሚችል በፖሊስ ማመልከቻሽ ውስጥም አስገቢው። የላከልሽ ድረ ገጽ ላይ ያስገባሽው የይለፍ ቃል ከሌላ ቦታ ጋር አንድ ከሆነ ዛሬ ቀይሪው። ስልክሽ ላይ መተግበሪያ አስጭኖሽ ከሆነ፣ በተለይ ስክሪንሽን ከሩቅ የሚያሳይ ዓይነት፣ ከማጥፋትሽ በፊት ስሙን ጻፊ፤ ከዚያ የባንክ ምስጢር ቁጥርሽን በሌላ ስልክ ወይም ቅርንጫፍ ሄደሽ አስቀይሪ።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የከበደው እሱ ስለሆነ ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው 22,320ውን ለመክፈል የገፋፋሽ ብሩን ማግኘቱ ብቻ አልመሰለኝም። ብሩ ከተመለሰ ለባለቤትሽ የሚነገር ነገር አይኖርም፤ ይህን አስበሽ ነበር? አስበሽ ከሆነ በዚህ አትሸማቀቂ፤ ሰውየውም የሚቆጥረው በዚሁ ላይ ነው። ምስጢሩ እስካለ ድረስ እሱም ሆነ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሚይዝሽበት ገመድ አለው።

መቼ እንደምትነግሪው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ጠባዩን አላውቀውም። ከቁጣ በላይ የሚያሰጋሽ ነገር ካለ፣ እጁን ያነሳል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ፣ ብቻሽን አትንገሪው፤ የሚሰማው የቤተሰብ ታላቅ ወይም የነፍስ አባት ባለበት ይሁን። እንዲያ ካልሆነ ግን የኔ ሐሳብ ከባንክና ከፖሊስ በኋላ፣ ሠንጠረዡንና የመዝገብ ቁጥሩን በእጅሽ ይዘሽ እንድትነግሪው ነው። «ተበላሁ» ብቻ ከማለት «ተበላሁ፣ እዚህ ድረስ ሄጄበታለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አብረን እንሁን» ማለት ለመናገርም ለመስማትም ይቀላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ንገሪው፤ 4,500ውንም ጭምር። ግማሹን ደብቀሽ ኋላ ቢያገኘው ከጠፋው ብር ይልቅ መደበቅሽ ያቆስለዋል። የቀረው የዕቁብ መዋጮ 93,000 ብር ነው፤ ያን በሁለት ደመወዝ ማሰብና በአንድ ደመወዝ መሸከም አንድ አይደለም። ሳምንቱን መወጣት ካቃተሽም ሳታቋርጪ ቀድመሽ ለዕቁቡ ዳኛ ንገሪ፤ መዋጮው በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን የሚስማሙ ዕቁቦች አሉ።

ለባልደረባሽም ብሩን ለምን እንዳልፈለግሽው እውነቱን ብትነግሪያት ጥሩ ይመስለኛል። አበዳሪ ብቻ ሆና ከምትቀር ባንክ ስትሄጂ አብራሽ ትሂድ፤ ብቻ ሆኖ ያን ወረቀት መሙላት ይከብዳል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህን ሰው ካገድሽው በኋላ ሳምንት ወይም ወር ቆይቶ ሌላ ሰው ሊደውልልሽ ይችላል። ምናልባት ጠበቃ ነኝ ይላል፤ ምናልባት መርማሪ። «ያታለለሽን የሳይበር ባለሙያ ይዘነዋል፣ የተጎጂዎች ገንዘብ እየተከፋፈለ ነው፣ ያንቺን ለማስወጣት ትንሽ ክፍያ ቀርቷል» ይልሻል። የ4,500ውንም ልክ ይነግርሻል። ስልኩን ዝጊና የመዝገብ ቁጥርሽን ይዘሽ ያመለከትሽበት ጣቢያ ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ።